የስም ዕድሜና የድርጅት ዕድሜ፦ የዶሜይን መዝገብ ምን ይመሰክራል?



ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ቀን ነው። ይህች ቀን አንድ የድረ ገጽ ስም፣ በተለምዶ ዶሜይን የምንለው፣ በመዝገብ የሠፈረባት ቀን ናት። ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊመለከታት ይችላል። ባለ ድረ ገጹም እንደ ፈለገ ሊለውጣት አይችልም። በዚህ ምክንያት «ድርጅቱ በእርግጥ ስንት ዓመቱ ነው? ባለቤቱስ ማን ነው?» ለሚሉ ጥያቄዎች ጠቃሚ ፍንጭ ትሰጣለች። ሆኖም ከምትችለው በላይ እንድትናገር ስናስገድዳት ሐቀኛውን እንድንጠረጥር፣ አታላዩን እንድናምን ታደርገናለች። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ ይህን ድንበር ማመልከት ነው።

በዚህ አካባቢ ጉዳዩ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። በብረታ ብረት፣ በመለዋወጫ፣ በምግብና በጨርቃ ጨርቅ ሥራ የተሰማራ ድርጅት ማሽኑንና ጥሬ ዕቃውን በአብዛኛው ከውጭ ያስመጣል። ሻጩን በዓይኑ አያየውም፤ የሚተዋወቀው በፕሮፎርማ፣ በኢሜይልና በድረ ገጽ ነው። ከዚያም ደጅ ጠንቶ ያገኘውን የውጭ ምንዛሪ በቅድሚያ ክፍያ ይልካል። ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ሻጩ የሌለ ሆኖ ቢገኝ፣ በሌላ አገር ፍርድ ቤት ማን ላይ ክስ እንደሚመሠረት እንኳ አይታወቅም።

በመጀመሪያ መዝገቡ ምን እንደሆነ እንይ። እንደ .com ባለ ቅጥያ የሚያልቅ እያንዳንዱ ስም በአንድ ማዕከላዊ መዝገብ ይሠፍራል። የ.com መዝገብ ያዥ ቬሪሳይን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። መዝገቡን ለመጠየቅ ለረጅም ዓመታት ያገለገለው ሥርዓት ሁኢዝ ይባል ነበር። አጠቃላይ ቅጥያዎችን የሚያስተዳድረው ተቋም አይካን፣ ከጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ መዝገብ ያዦች ሁኢዝን የማቅረብ ግዴታ እንዳይኖርባቸው አድርጓል፤ በእርሱ ቦታ የተተካው አርዳፕ ነው። ለተራ ተጠቃሚ ቀላሉ መንገድ lookup.icann.org የሚለውን ገጽ ከፍቶ ስሙን መጻፍ ነው። በትእዛዝ መስመር መሥራት የለመዳችሁ ተማሪዎች ደግሞ መዝገቡን በቀጥታ መጠየቅ ትችላላችሁ፦

```
curl -s https://rdap.verisign.com/com/v1/domain/EXAMPLE.COM
```

example.com ለማስተማሪያነት የተከለለ ስም ስለሆነ ማንንም ሳንነካ ልንመረምረው እንችላለን። ከሚመጣው መልስ ውስጥ የምንፈልገው ይህን ነው፦

```
"eventAction":"registration",
"eventDate":"1995-08-14T04:00:00Z"
```

ቀኑ የተጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። መጨረሻ ላይ ያለው Z ሰዓቱ የዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት መሆኑን ያመለክታል፤ ሦስት ሰዓት ስንጨምርበትና በእኛ አቆጣጠር ስናነበው ነሐሴ 8 ቀን 1987 ዓ.ም. ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይሆናል። ከዚህ ቀን በተጨማሪ መዝገቡ ምዝገባው የሚያበቃበትን ቀን፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተለወጠበትን ቀንና ስሙን የሸጠውን መዝጋቢ ድርጅት ይነግረናል።

እንግዲህ ይህች የምዝገባ ቀን በትክክል ምን ማለት ናት? «ይህ ስም ከዚህ ቀን ጀምሮ ሳይቋረጥ በመዝገብ ላይ ቆይቷል» ማለት ናት። ከዚህ ያለፈ ነገር አትናገርም። ስለ ድርጅቱ መመሥረት ወይም ድረ ገጹ ሥራ ስለ ጀመረበት ቀን አትመሰክርም። ዛሬ የስሙ ባለቤት የሆነው ሰው በዚያን ቀን ባለቤት እንደነበረም አታረጋግጥም። ምስክር ያየውን ብቻ ነው የሚናገረው፤ ይህች ምስክር ያየችው የስሙን ዕድሜ ነው።

«ሳይቋረጥ» የሚለውን ቃል ላብራራው፤ ብዙ ስሕተት የሚመጣው እርሱን ከመዘንጋት ነውና። በ.com ያለ ስም የሚያበቃበት ቀን ደርሶ ካልታደሰ ወዲያው አይሰረዝም። መዝጋቢው እስከ 45 ቀን ሊያቆየው ይችላል። ከዚያ የቀድሞው ባለቤት ተጨማሪ ከፍሎ የሚያስመልስበት 30 ቀን አለ። በመጨረሻም መሰረዙን የሚጠብቅበት 5 ቀን ይከተላል። ስሙ ተሰርዞ ሌላ ሰው ሲያስመዘግበው የምዝገባው ቀን እንደ አዲስ ይጀምራል፤ የቀድሞው ዕድሜ ከመዝገቡ ገጽ ይጠፋል። ነገር ግን ከመሰረዙ በፊት በጨረታ ወይም በስምምነት ከተሸጠ፣ አሮጌው ቀን እንዳለ ለአዲሱ ባለቤት ይተላለፋል። ስለዚህ ትናንት የተወለደ አታላይ በገንዘቡ የሃያ ዓመት ስም ሊገዛ ይችላል። የሃያ ዓመት ሐቀኛ ነጋዴም አንድ ዓመት ሳያድስ ቢቀር ትናንት የተወለደ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ይህን ይዘን አንድ ጉዳይ ደረጃ በደረጃ እንመርምር። ጉዳዩ ለትምህርት እንዲሆን ያዘጋጀሁት ምሳሌ ነው። በቃሊቲ ያለ አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ከቻይና የቶርኖ ማሽን ሊገዛ ነው እንበል። ዋጋው 40,000 ዶላር ሲሆን ሻጩ 30 በመቶ፣ ማለትም 12,000 ዶላር፣ በቅድሚያ ይጠይቃል። የሻጩ ድረ ገጽ example.net ነው እንበል። በገጹ ላይ «ከ1999 ጀምሮ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ዝቅ ብሎም «በዚህ ድረ ገጽ ደንበኞቻችንን ለሃያ ዓመታት አገልግለናል» ይላል።

የመጀመሪያው ሥራ መዝገቡን መክፈት አይደለም፤ የሻጩን ቃል ለያይቶ መጻፍ ነው። እዚህ ሁለት የተለያዩ አባባሎች አሉ። አንደኛው ስለ ድርጅቱ ነው፦ በ1999 ተመሠረተ። ሁለተኛው ስለ ድረ ገጹ ነው፦ ሃያ ዓመት አገልግሏል። ከገጹ ግርጌ የሚታየው የባለመብትነት ምልክትና ዓመት ግን ማንም በአንድ ደቂቃ የሚጽፈው ስለሆነ ማስረጃ አይደለም፤ እንተወው።

አሁን መዝገቡን እንክፈት። የምዝገባው ቀን ኅዳር 2024 እ.ኤ.አ.፣ የሚያበቃውም ልክ በዓመቱ ሆኖ ተገኘ እንበል። ከዚህ ምን እንረዳለን? ስሙ ሃያ ዓመት ሳይቋረጥ አልቆየምና ሁለተኛው አባባል በብርቱ ተነቅንቋል። የመጀመሪያው ግን አልተነካም፤ በ1999 የተመሠረተ ድርጅት በ2024 አዲስ ስም ቢያስመዘግብ ምንም እንግዳ ነገር የለውም። የአንድ ዓመት ምዝገባም የተለመደ ነው፤ ብቻውን ጥርጣሬ አይሆንም።

ቀጥለን ስሙ ቀደም ሲል የማን እንደነበረ እንጠይቅ። ለዚህ የሚረዳን የኢንተርኔት አርካይቭ ነው፤ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የድረ ገጾችን ቅጂ ሲያስቀምጥ ቆይቷል። web.archive.org ላይ ስሙን ስንጽፍ ቅጂ የተወሰደባቸው ቀናት በዓመት ተደርድረው ይታያሉ። በምሳሌያችን ከ2009 እስከ 2021 ያሉት ቅጂዎች የአንድ የጉዞ ወኪልን ገጽ ያሳያሉ፤ ከዚያ ባዶ ዓመታት አሉ፤ ማሽን ሻጩ ብቅ የሚለው በ2025 ነው። አሁን ታሪኩ ግልጽ ሆነ፤ የጉዞ ወኪሉ ስሙን ሳያድስ ቀረ፣ ተሰረዘ፣ ሌላ ሰው አነሣው። «ሃያ ዓመት በዚህ ድረ ገጽ» የሚለው አባባል በዚህ ውሸት መሆኑ ተረጋገጠ። ስሙ ከመሰረዙ በፊት ተሽጦ ቢሆን ኖሮ መዝገቡ 2009ን ያሳየን ነበር፤ እኛም «አሮጌ ነው» ብለን እንረካ ነበር። ለዚህ ነው አርካይቩን ከመዝገቡ ጋር አብረን ማየት የሚገባን። ደግሞም አርካይቡ ሁሉንም ገጽ አይቀዳም፤ ቅጂ መኖሩ ያስረዳል፣ አለመኖሩ ግን ገጹ እንዳልነበረ አያስረዳም።

የቀረን የመጀመሪያው አባባል ነው፤ እርሱን የሚፈታው የንግድ መዝገብ እንጂ የዶሜይን መዝገብ አይደለም። እያንዳንዱ የቻይና ኩባንያ በንግድ ፈቃዱ ላይ 18 ፊደልና አኃዝ ያለው አንድ መለያ ቁጥር አለው፤ ፈቃዱ የተመሠረተበትን ቀንና የሕጋዊ ወኪሉን ስምም ይዟል። ሻጩን ይህን ፈቃድ እንጠይቀዋለን፤ ቁጥሩንም በቻይና መንግሥት የድርጅቶች መዝገብ፣ gsxt.gov.cn፣ እናመሳክራለን። ፈቃዱ እውነተኛ ሆኖ ተገኘ እንበል፤ በ1999 የተመሠረተ፣ ዛሬም የሚሠራ ፋብሪካ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ልቡ ያርፋል። አደጋው ግን የሚጀምረው እዚህ ነው። ድርጅቱ እውነተኛ ነው፤ ዕድሜውም እውነት ነው። ነገር ግን አዲሱ ድረ ገጽ የዚህ ድርጅት መሆኑን እስካሁን ያረጋገጠልን ምንም ነገር የለም። ፈቃድ ኮፒ የሚደረግ ወረቀት ነው። ስለዚህ የፋብሪካውን ስም ለብቻው እንፈልጋለን። ፋብሪካው ለብዙ ዓመታት ሲጠቀምበት የኖረ ሌላ ድረ ገጽ፣ example.com፣ እንዳለውና በዚያ ላይ ያለው ስልክና ኢሜይል በፕሮፎርማው ላይ ካለው እንደሚለይ እናገኛለን። የመጨረሻው ማረጋገጫ ስልክ መደወል ነው፤ የሚደወለውም በፕሮፎርማው ላይ ባለው ቁጥር ሳይሆን ራሳችን ከሌላ ምንጭ ባገኘነው ቁጥር ነው። ፋብሪካው «ይህን ፕሮፎርማ አናውቀውም» ካለ 12,000 ዶላሩ ከኪሳችን አልወጣም።

ይህ የሚያጋጥመው ለትናንሽ ገዢዎች ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. ኢንተርፖል ይፋ ያደረገው ጉዳይ እንዲህ ነበር። የጀርመን የጤና ባለሥልጣናት የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ እንዲገዙላቸው ሁለት የንግድ ድርጅቶችን ውል አስገቡ። ገዢዎቹ በስፔን ያለ የሚመስል ድረ ገጽ አገኙ፤ ከዚያ ወደ አየርላንድ፣ ከአየርላንድ ደግሞ ወደ ኔዘርላንድስ ተመሩ። 1.5 ሚሊዮን ዩሮ በቅድሚያ ከፈሉ፤ ዕቃውን ለማምጣትም 52 የጭነት መኪናዎች ከፖሊስ አጀብ ጋር ተዘጋጁ። ሊነሡ ሲሉ ክፍያው አልደረሰም ተባሉና 880,000 ዩሮ በቀጥታ ወደ ኔዘርላንድሱ አቅራቢ ላኩ። ዕቃው አልመጣም። የኔዘርላንድሱ ኩባንያ በእርግጥ ያለ ኩባንያ ነበር፤ ድረ ገጹ ግን አስመስለው የሠሩት ነበር፤ እውነተኛው ኩባንያ ስለ ትእዛዙ ምንም መዝገብ አልነበረውም። በምሳሌያችን ያየነው ክፍተት፣ ማለትም በእውነተኛ ድርጅትና በሐሰተኛ ገጽ መካከል ያለው ክፍተት፣ በትክክል ይህ ነው። የዶሜይን ዕድሜ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው፦ ድርጅቱ አሮጌ፣ ስሙ ገና የጥቂት ወራት ሲሆን «ለምን?» ብለን እንድንጠይቅ ያደርገናል።

አሁን ፊታችንን ወደ አገራችን ድርጅቶች እንመልስ። ይህንኑ መለኪያ በእነርሱ ላይ እንዳለ ብንጭን ሐቀኛውን እንበድላለን፤ ሦስት ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠራችን ነው። የንግድ ምዝገባ የምስክር ወረቀት «2000 ዓ.ም.» ይላል፤ የዶሜይን መዝገቡ 2008 ይላል። ሁለቱ አንድ ዓመት ናቸው። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የሚያህለው ልዩነት አንድን ድርጅት ያለ ጥፋቱ ውሸታም ሊያስመስል ይችላል። በተቃራኒውም የእኛን 1998 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ገጹ ላይ ሳይለውጥ «1998» ብሎ የጻፈ ድርጅት ሳያውቀው ዕድሜውን ያስረዝማል። ስለዚህ ቀኖችን ከማነጻጸራችን በፊት ሁሉንም ወደ አንድ አቆጣጠር እንለውጥ።

ሁለተኛው የኢንተርኔት ታሪካችን ነው። የ.et ቅጥያ ለኢትዮጵያ የተሰጠው በጥቅምት 1995 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ኢንተርኔት ለሕዝብ የቀረበው ደግሞ በ1997 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ነው። ከዚያ በፊት የተመሠረተ የአቃቂ ፋብሪካ ሁሉ ከድረ ገጹ ይበልጣል፤ ሌላ አማራጭ አልነበረውም። ኢትዮ ቴሌኮምን ራሱን ውሰዱ። በአገራችን የስልክ አገልግሎት የተጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1894 እ.ኤ.አ. ነው። ኢትዮ ቴሌኮም የሚለው ስም ግን የመጣው ተቋሙ በኅዳር 2003 ዓ.ም. እንደ አዲስ ሲደራጅ ነው። በዚህ ስም የተመዘገበው ethiotelecom.et የተቋሙን ታሪክ እንዲነግረን ብንጠይቀው ከመቶ ዓመት በላይ ይሰውርብናል። ስሙን የለወጠ፣ ከግለሰብ ነጋዴነት ወደ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር የተሸጋገረ፣ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ድርጅት ሁሉ በትንሹም ቢሆን ይኸው ዕጣ ይገጥመዋል።

ሦስተኛው ክፍያ ነው። በውጭ አገር መዝጋቢ ዘንድ ስም ለማሳደስ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል። ካርዱ የሌለው ድርጅት ሥራውን ለድረ ገጽ ሠሪው ወይም በውጭ ላለ ዘመዱ ይሰጣል። ሠሪው ሥራ ሲለውጥ ወይም ዘመድ ሲረሳ ስሙ ሳይታደስ ይሰረዛል፤ ድርጅቱም ከወራት በኋላ እንደገና ያስመዘግበዋል። ቀኑ አዲስ ይሆናል፤ ድርጅቱ ግን ያው ነው። እንዲህ ያለውን ጉዳይ ከማታለል የሚለየው አርካይቩ ነው፤ ቅጂዎቹ ከመቋረጡ በፊትም በኋላም አንድ ዓይነት ድርጅት ያሳያሉ።

ይህ ሦስተኛ ምክንያት ወደ ባለቤትነት ጥያቄ ያሻግረናል። ቀድሞ መዝገቡ የባለ ስሙን ስም፣ አድራሻና ስልክ በግልጽ ያሳይ ነበር። የአውሮፓ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ከግንቦት 17 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ተፈጻሚ ሲሆን ይህ መረጃ በአብዛኛው ተሸፈነ። ዛሬ የሚቀረን ብዙውን ጊዜ አገርና ክፍለ ግዛት ብቻ ነው። እርሱም ያሳስታል፤ የባለቤቱን ማንነት የሚሰውሩ አገልግሎቶች የራሳቸውን አድራሻ ስለሚያስገቡ፣ የአይስላንድ አድራሻ ብታዩ ሻጩ አይስላንድ ነው ማለት አይደለም። ስም መሸፈኑ ደግሞ ዛሬ የተለመደ ስለሆነ የጥፋት ምልክት አይሆንም። ባለቤቱ ተጽፎ ቢገኝ እንኳ፣ ቀደም ብዬ እንዳልሁት፣ ድረ ገጹን የሠራው ወጣት ሊሆን ይችላል እንጂ የድርጅቱ ባለቤት ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ የድርጅትን ባለቤት ከዶሜይን መዝገብ አትፈልጉ። በአገራችን ድርጅቱን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ጠይቁት፤ ፈቃዱንም etrade.gov.et ላይ አመሳክሩ። ማኅበር ከሆነ ባለድርሻዎቹ የሚገኙት በመመሥረቻ ጽሑፉ ነው። በዚያም ላይ የንግድ ምዝገባ ቀንና የንግድ ሥራ ፈቃድ ቀን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አስታውሱ፤ ድርጅቱ አዲስ የሥራ ዘርፍ ሲጨምር አዲስ ፈቃድ ያወጣል፤ ምዝገባው ግን አሮጌው ነው። የንግድ መዝገብም ቢሆን የራሱ ድንበር አለው፤ ተመዝግቦ ሳይሠራ የቆየን ማኅበር ገዝቶ በአሮጌ ቀን መነገድ ይቻላል፤ ልክ አሮጌ ዶሜይን እንደሚገዛው ማለት ነው።

በሥራ ላይ የምትፈልጉት እንግዲህ አንድ ነጠላ ወረቀት ነው። በእርሱ ላይ ሦስት ቀኖችን በአንድ አቆጣጠር ጻፉ፦ ድርጅቱ በንግድ መዝገብ የሠፈረበትን፣ የድረ ገጹ ስም የተመዘገበበትን፣ አርካይቩ ይህንኑ ድርጅት ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየበትን። ከጎናቸው ሻጩ ራሱ የተናገረውን አስፍሩ። ሦስቱ ቀኖች እኩል መሆን የለባቸውም፤ ብዙ ጊዜም አይሆኑም። የምትፈልጉት ከሻጩ ቃል ጋር የማይታረቀውን ነው። የማይታረቅ ስታገኙ ሻጩን በግልጽ ጠይቁት። ሐቀኛው «ስማችንን የለወጥነው በዚህ ጊዜ ነው፤ የቀድሞው ስማችን ይህ ነበር» ይላችኋል፤ ያንንም በመዝገብ ልታረጋግጡት ትችላላችሁ። መልሱ ቁጣ ወይም «ዛሬ ካልከፈላችሁ ዋጋው ይጨምራል» ከሆነ፣ ቅድሚያ ክፍያውን ትታችሁ ከባንካችሁ ጋር ስለ ሌተር ኦፍ ክሬዲት ተነጋገሩ። ያም ቢሆን ባንኩ የሚመረምረው ሰነድ እንጂ ዕቃ አይደለምና፣ የፋብሪካውን ስልክ ራሳችሁ ፈልጋችሁ መደወሉ አይቀርላችሁም።

የምትጠራጠሩት የድረ ገጽ ስም ያላችሁ ካላችሁ፣ የሻጩን ቃል ከነስሙ ጽፋችሁ ወደ ፊት አምጡት፤ በጥያቄው ሰዓት መዝገቡን አብረን እንከፍተዋለን።